ከውስጥ የሚዘጋ በር

የሌሊት ነርሳችን ደህና ደመወዝ አግኝቶ ወደ ጉባ፣ ወደ ግድቡ ሥራ ከሄደ ወዲህ ቀንም ሌሊትም እኔው ነበርኩ። ክሊኒኩ የራሴ ነው፤ ግን እንቅልፍ ባለቤት አያውቅም። እስከ ወር መጨረሻ ሰው ካላገኘሁ የሌሊቱን አገልግሎት ልዘጋ ወስኜ ነበር። በወባ ወቅት ደግሞ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ንጋትን አይጠብቅም።

በነርሶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ «አሶሳ ለሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ የሌሊት ተረኛ ነርስ እንፈልጋለን። የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ መልቀቂያ፣ ቢቻል ቤርታኛ የሚችል። ደመወዝ በስምምነት።»

ግማሹ «ስንት ነው?» አለ፤ ግማሹ ጭራሽ ለጉባ ሰው የሚፈልግ እንዳለ እኔኑ ጠየቀኝ። አንዲት ልጅ ብቻ የፈቃዷን ፎቶ በውስጥ መስመር ላከችና «ሌሊት በሩን የሚከፍተው ማነው?» አለችኝ። ዘበኛ አለ አልኳት። «እሺ። ነገ አባቴ መጥቶ ያያል።»

ሳቄ መጣ። ባለቤቴም «ነርስ ነው የምትቀጥረው ወይስ ሽማግሌ ልከሃል?» ብላ ቀለደችብኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ካርድ ያውጡ ስላቸው «በሽታ የለም። ማየት ነው» አሉኝ። አጠገባቸው ያሉትን እናቶች በቤርታኛ ስለ እኔ ሲጠይቁ ስሜ ሲነሳ እሰማለሁ። ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ ተፈታኝ ሆንኩ!

ሲመሻሽ ተነስተው ሽንት ቤቱን፣ የግቢውን መብራት አዩ። ዘበኛውን ሲፈልጉ እራት ሊበላ ሄዷል። የሌሊት ተረኛውን ማረፊያ ክፍል በር ገፋ ቢያደርጉት ወለል አለ።

«ይሄ ከውስጥ አይዘጋም?»

«አባባ፣ እኔ እኮ የፈለግኩት ነርስ ነው» አልኳቸው፣ ትዕግስቴ አልቆ።

አልተቆጡም። «አዎ፤ አንተ ጻፍክ ነርስ። እኔ የምሰጠው ልጅ ነው።»

ስንት ነርስ ስቀጥር ፈቃዱን ከፊትም ከኋላም አገላብጬ አይቻለሁ፤ ያን በር ግን አንድም ቀን ዘግቼ አላየሁትም። እኚህ ሰው ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ክሊኒኬን ከእኔ በላይ አወቁት። ከማፈሬ ይልቅ መደነቄ በለጠ።

እዚያው አናጢ ጠርቼ መቀርቀሪያ አስገጠምኩ፤ ዘበኛውም እራቱን ይዞ እንዲመጣ ተነጋገርን። በነጋታው አዛውንቱ ተመልሰው መጡና መቀርቀሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ግባ፣ ዝጋ» አሉኝ።

ገብቼ ቀረቀርኩ። በዚያች ጠባብ ክፍል ብቻዬን ቆሜ ሳለ ከውጭ በትከሻቸው ገፉት። በሩ ተንቀጠቀጠ። ደግመው በሙሉ ኃይላቸው ገፉት። በሩ ግን ያዘ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የአንድ ሽማግሌ አባት ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ከውጭ። «ማታ ትመጣለች ልጄ።»