ከሹራቡ ሥር የነበረው ደረት

ስሜ ዘመንፈስቅዱስ ነው። ጎባ ላይ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ስሜ ረዝሞባቸው ባልደረቦቼ ጋሽ ዘመን ይሉኛል። ምግብ የማበስለው ራሴ ስለሆንኩ ከስቻለሁ፤ ሽሮዬን ድስቱ ነው የሚበላልኝ።

ባለቤቴ ወለተኢየሱስ የሞተችው አምና ጥር ላይ ነው። እግሯ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ነበር፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማን ምን አመመኝ ቢለኝ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። ጥርሱን ሊያሳይ የመጣን ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አስጠቅልዬዋለሁ። ሲስተር ማናልበሽ፣ «ጋሽ ዘመን፣ የጫማ ሱቅ ቢከፍቱ ያዋጣዎታል» ትለኛለች።

ባለፈው ሰኔ ደራራ የሚባል ወጣት መጣ። ሃረና ጫካ ውስጥ የቡና ጆንያ ይጭናል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅምና ቀጭን፣ ታሞ የማያውቅ። ደሎ መና ላይ መኪና ሲጠብቅ ቀኝ ደረቱን ድንገት እንደ ጩቤ ወጋው። ተሳፍሮ ሰነቴ ተራራ አናት ላይ ሲደርስ ባሰበት። ሲተነፍስ ያመዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አልኩትና መልሱን ሳይጨርስ ባቱን ጨመቅሁ።

«ጋሼ፣ ያመመኝ ደረቴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

እግሩ አላበጠም። ደምም አልተፋም። እኔ ግን ሕመሙ ከመሳፈሩ በፊት መጀመሩን ረስቼ፣ መኪና ላይ ብዙ ተቀምጧል፣ ደም ረግቶበታል ብዬ ልቤን ሞላሁ። ስቴቶስኮፔን በአንገቱ በኩል ሰደድኩና አዳመጥኩ። ጎባ ብርድ ነው፤ ሰው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ይመጣል፤ እኛም አናስወልቅም። በዚያ ሁሉ ሱፍ መሐል አይሱዙ ቢያልፍ አይሰማም። እኔ ግን «ደህና ነው» አልኩ። ደም የሚያቀጥነውን መርፌ እንድታዘጋጅ ለማናልበሽ ነገርኳትና ዶክተር ሌንሳን ጠራሁ።

ዶክተር ሌንሳ ልጄ ልትሆን ትችላለች። አንድ በሽታ ብቻ ገምቶ የሮጠባትን ባልደረባ «ሌላስ?» እያለች ታስቆመዋለች።

«ሳንባው ላይ ደም ረግቶበታል» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። ሌላስ?»

«ልብ። ግን የልብ ምት ምርመራው ንጹሕ ነው።»

«ሌላስ?»

«የልብ ሽፋን ቁስለት። ወደ ፊት ሲያጎነብስ አልቀለለውም። ትልቁ የደም ሥር እንዳልተሰነጠቀ የሁለቱን ክንዶች የደም ግፊት ለካሁ፤ እኩል ነው። አላስታወከም፤ ስለዚህ የምግብ ቧንቧው መቀደዱን አልጠረጥርም። ትኩሳትና ሳል የለውም፤ ሳንባ ምች አይመስልም። ደረቱን ስጫነውም አያመውም፤ ጡንቻ አይደለም።»

ይህን ሁሉ በመዘርዘሬ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«ኦክስጅኑስ?»

«ዘጠና። በእኛ ከፍታ ብዙም አያስደነግጥም ብዬ ነው።»

«ደረቱን በየት በኩል አዳመጡት?»

«በአንገቱ።»

ማናልበሽ መርፌውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች፤ የምትስቅ ይመስለኛል።

«መርፌው ይቆይ» አለች ዶክተሯ። «ደራራ፣ ልብስህን አውልቅ።»

አንድ ሹራብ ወለቀ። ሌላ ሹራብ ወለቀ። ከዚያ ካናቴራ፣ ከሥሩ ደግሞ የኳስ ማልያ።

«እንደ ሽንኩርት ላጣችሁኝ» አለ ደራራ ትንፋሹን እየቆጠበ።

«ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለችው ዶክተሯ።

«ከጓደኞቼ ጋር ሲሆን።»

ራቁቱን ሲሆን ቀኝ ደረቱ ከግራው እኩል አይነሳም ነበር። «ይምቱት» አለችኝ። በጣቴ መታሁት። ግራው ጤነኛውን ድምፅ ሰጠ፤ ቀኙ እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ስቴቶስኮፑን ቆዳው ላይ አደረግሁ። በግራ ትንፋሽ፣ በቀኝ ምንም።

«ሳንባው አየር አፍስሷል» አልኩ። ረጅምና ቀጭን ሆኖ ሲጋራ የሚያጨስ ወጣት ላይ እንደሚመጣ የማውቀው ነገር ነበር። «አየሩ ደረቱ ውስጥ ታስሮ ሳንባውን ጨፍልቆታል። ሰነቴ ላይ የባሰበትም ከፍታው አየሩን ስለነፋው ይሆናል።»

የደም ግፊቱ አልወረደም፤ ስለዚህ ለራጅ ጊዜ ነበረን። ቀኝ ሳንባው ተሰብስቦ ጡጫ አክሎ ታየ። ዶክተር ሌንሳ በጎኑ በኩል ቱቦ አስገባች፤ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣ ጀመር። ያን መርፌ ወግቼው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ቱቦ ሲገባ ደሙን ማን ያቆመው እንደነበር እንጃ።

የደራራ ትንፋሽ ቀስ እያለ ረዘመ። «ኦክስጅን ዘጠና አራት» አለች ማናልበሽ። ቀጥላም፣ «ከእንግዲህ ጋሽ ዘመን ሰውን ሁሉ ራቁቱን ነው የሚያስቀሩት፤ ጎባ በብርድ ማለቋ ነው» አለች።

ደራራ ሳቀ። ሲስቅ ጠርሙሱ ተንተከተከ፤ እሱም ጎኑን ይዞ አቃሰተ።

«ዶክተር» አለ፣ «እኚህን ሰውዬ ያስወጡልኝ። ፊታቸውን ሳይ ያስቀኛል፤ ስስቅ ደግሞ ያመኛል።»

«ጋሽ ዘመን፣ ሰምተዋል» አለች ዶክተሯ።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። በበሩ ስንጥቅ የጠርሙሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እስኪበቃኝ አዳመጥኩት።