ባዶዎቹ አራት ሳጥኖች

የወንድሜ ልጅ አንኮበር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ለማትሪክ ሦስት ወር ሲቀራት፣ በእጇ ያሰመረችውን የክፍል ፕሮግራም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ የጥናት ፕሮግራም አውጪልኝ ብላ። እኔ ደብረ ብርሃን እንጀራዬን የምበላው ለኮሌጅ ተማሪዎች የክፍል ድልድል እያወጣሁ ነው። ከኔ ሌላ ማንን ትለምን?

ፎቶው ጥላ ቢያርፍበትም ይነበባል። ስልኬ ላይ ላለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጠሁትና ወደ ሰንጠረዥ እንዲገለብጠው አዘዝኩት። ከትምህርት መልስ የዕለቱን የምትከልስበት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ የምትከልስበት እንዲያስገባም ነገርኩት። የክለሳውን ሰዓት በየትምህርቱ ክፍለ ጊዜ ብዛት አከፋፍል ያልኩትም እኔው ነኝ። ከመጀመሩ በፊት ጠየቀኝ፤ አራት ሳጥኖች ባዶ ናቸው፣ ነጻ ሰዓት ናቸው ወይስ ያልተጻፈ ትምህርት አለባቸው? ልጅቷን ጠይቄ መመለስ እችል ነበር። የሻይ ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ ነጻ ናቸው አልኩት። «ሳይጠሩት አቤት» የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው።

ፕሮግራሙን እንዳየች፣ «እትዬ፣ ፊዚክስ አላነሰም?» ብላ ጻፈችልኝ።

ፊዚክስ በወረቀቷ ላይ ሰኞ ብቻ ስለነበረ፣ ክለሳውም የዚያኑ ያህል ትንሽ ሆኗል። እንደ ባለሙያ ሆኜ መለስኩላት፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ዝም ብለሽ ተከተይ። እሺ አለች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሞዴል ፈተና ውጤት መጣ። ሌላው ደህና ነው፤ ፊዚክስ ከመቶ ሃያ ስምንት። ቅዳሜ ጠዋት ተሳፍሬ አንኮበር ወጣሁ። ፕሮግራሜን አሳትማ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ በቀኑ በቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። ያኔ ነው ስለ ባዶዎቹ ሳጥኖች የጠየቅኳት። የፊዚክስ መምህሩ ተዛውረው ምትክ አልመጣም። ሰኞ ሰኞ የሌላ ክፍል መምህር ብቅ ይሉላቸዋል፤ በቀሩት አራት ክፍለ ጊዜዎች ማንም አይገባም፤ ስለዚህ አልጻፈቻቸውም። አስተማሪ ያጣችበትን ትምህርት እኔ ደግሞ ክለሳ ነፍጌያታለሁ። በእነዚያ በአራቱ ሳጥኖች ላይ «ዕረፍት» ይላል። ፊቴን የት ላድርገው?

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም ብዬ ነገርኳት። አላመነችኝም። ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት የሌለባትን አንዲት ሳጥን በጣቷ አሳየችኝና አቀረቀረች።

«ይቅርታ እትዬ። ያን ቅዳሜ አሊዩ አምባ ለቅሶ ወርጄ ክለሳው አመለጠኝ። የወደቅኩት ለዚያ ይሆናል።»