የእንቁጣጣሽ ታርጌት የተነገረን ጠዋት

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባሕር ዳር፣ አንድ ጫማ ቤት የልጆች ክፍል ስቀጠር ውሌ የሦስት ወር ነበር፤ የሚያልቀውም መስከረም ላይ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ስለነበር ነሐሴን ሙሉ ስፈራ ነው የከረምሁት።

አንድ ጠዋት የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ መጥተው የበዓሉን ሽያጭ ስለሚያስጀምሩ ከመክፈቻ ሰዓት ቀድመን እንድንገኝ ተነገረን። ቤቴ ዘንዘልማ ነው። ዝናብ ነበርና ሚኒባስ እንዳላጣ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁ፤ በሩ ሳይከፈት ደርሼ ከጣራው ክዳን ሥር ቆሜ ጠበቅሁ።

ስምንታችን በካርቶኖቹ መካከል ቆምን። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ሙሉ ነው።

«ከዛሬ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ያለው ጊዜ የእኛ መኸር ነው። ገበሬ በመኸር አይተኛም።»

አጠገቤ የቆመችው ሒሳብ ተቀባይዋ፣ «የእኛ አገር ገበሬ አሁን አረም ላይ ነው። ብሩም ገና አልበቀለም» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ሳቄን ዋጥሁት።

ከዚያ ታርጌቱን በሰሌዳው ላይ ጻፉ። አምና በዚሁ ጊዜ የተሸጠውን ወስደው ሩቡን ጨመሩበት፤ ለየክፍሉ፣ ከዚያም ለየሰዉ አካፈሉት። ለእኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በቀን ስምንት ጥንድ፣ በጳጉሜ ደግሞ በቀን አሥራ ሁለት ጥንድ ደረሰኝ። ታርጌቱን ያለፈ ሰው ቦነስ ያገኛል። በኮንትራት ያለን ደግሞ ታርጌታችንን ከሞላን ቋሚ እንሆናለን፤ ካልሞላን ውላችን አይታደስም።

«ደንበኛ ባዶ እጁን አይውጣ» አሉ። «የፈለገው ቁጥር ከሌለ የሚቀርበውን ስጡት።»

ይህን ስሰማ ደንበኞቼን አሰብሁ። ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው አይመጡም። ከመራዊ ወይም ከዘንዘልማ ገጠር የመጣ አባት የልጁን እግር በስንደዶ ለክቶ፣ በልኩ ቆርጦ፣ በኪሱ ይዞት ነው የሚመጣው። ስንደዶውን ጫማው ውስጥ ከትቼ የአውራ ጣት ስፋት ያህል አስተርፋለሁ። ልኩ ከሌለ፣ «ቅዳሜ ተመለስ፣ ይመጣል» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሁለት ሰው እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ።

ንግግሩ ሲያልቅ እያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር እንድንል ጠየቁን። ከእኔ በፊት ያሉት «እጥፍ እሸጣለሁ» እያሉ ተጨበጨበላቸው። እኔም «እበረታለሁ» ብዬ ዝም ልል ነበር። ሒሳብ ተቀባይዋ ግን በክርኗ ነካችኝ።

«ስንደዶውን ንገሪያቸው እንጂ። ለእኔ በየቀኑ ታወሪልኝ የለም?»

«እኔ የሚቀርበውን ቁጥር መስጠት እፈራለሁ» አልሁ።

አንዱ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ፣ «ምኑ ነው የሚያስፈራዎት?» አሉኝ።

«አባትየው ልጁን ሳይሆን የለካበትን ስንደዶ ይዞ መጥቶ በዋዜማው ገዝቶ ይሄዳል። በበዓሉ ጠዋት ልጁ ሲያደርገው ይጠበዋል። እኛ ዘግተናል። ልጁ በአሮጌ ጫማ በዓሉን ይውላል። በሦስተኛው ቀን አባትየው ጫማውን ይዞ ይመጣል፤ ልኩ አሁንም የለም፤ ብሩን መልሱልኝ ይላል። ያን ጊዜ የሸጥሁት እንዳልሸጥሁት ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። እሳቸው ወደ ሒሳብ ተቀባይዋ ዞረው የተመላሽ ዕቃ ደብተር እንድታመጣ ጠየቋት። የፋሲካውን ገጾች ቆመው አንድ በአንድ ገለጡ።

«አብዛኛው የልጆች ጫማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን እንደሚመለስ የነገረኝ ሰው የለም።»

«የጠየቀን ሰው አልነበረማ» አለች ሒሳብ ተቀባይዋ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄደው፣ የልጆች ክፍል ታርጌት የሚቆጠረው ተመላሹ ከተቀነሰ በኋላ እንዲሆን ጻፉ። የጎደለው ቁጥር ማታ ማታ ተመዝግቦ በስልክ እንዲነገራቸው፣ እሳቸውም በአውቶቡስ እንደሚልኩ ቃል ገቡ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ታርጌቱ ግን አይቀንስም። እንዳይቀየሙኝ» አሉኝ።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ታርጌቱ ሳይቀንስ ተመላሹ ሊቀነስብኝ ነውና እንዲያውም ባሰብኝ። በየማታው የጎደለውን በዚያ በተጣመመ ጽሑፌ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ሒሳብ ተቀባይዋ ደውላ ታነባለች። ካርቶኑም ይመጣ ነበር። የዘገየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጳጉሜ ሁለት ቀን አሥራ ሁለት ሳይሞላልኝ ዋለ፤ እነዚያን ቀናት እህል አልወረደልኝም።

ከበዓሉ በኋላ ሲቆጠር በሽያጭ ብዛት ከሌሎቹ ብዙም አልቀደምሁም። ከእኔ የተመለሰው ግን ሦስት ጥንድ ብቻ ነበር፤ ያም ተቀንሶ ከጠቅላላው ታርጌቴ በአራት ጥንድ አለፍሁ።

ሲናገር ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ንግግሩን አቁሞ፣ እንደ እኔ ያለችውን ሰምቶ፣ ደብተር ሲገልጥ ያየሁት ግን እኚህን ሰው ብቻ ነው። እግዜር ይስጣቸው። ያችንም በክርኗ የነካችኝን።

ቋሚውን ውል ልፈርም ስቀመጥ ፊደሉ ደቃቃ ነበር። ቀስ እያልሁ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፣ ያልገባኝን ሒሳብ ተቀባይዋ ነገረችኝ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብሁት። እስክጨርስ ያጣደፈኝ የለም።