ስምንት ቁጥር ያቀበላቸው ኳሶች

ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ እንጅባራ ውስጥ በሰፈራችን ቡድን የቀረልኝ ሥራ መቁጠር ነበር። ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስለምሠራ አሠልጣኛችን፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ “ኤክሴል ታውቃለህ፤ ኳሳችን የት እንደሚሞት አሳየን” አሉኝ።

ሜዳውን በእርምጃ ለክቼ ለሦስት ከፈልኩትና ከዳር መስመሩ ውጭ በየድንበሩ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከተጋጣሚያችን ሲሶ ውጭ ተነስቶ እዚያ ውስጥ ላለ የእኛ ሰው የደረሰ ኳስ አንድ፣ ወደዚያ ተልኮ የተቆረጠ ዜሮ። እዚያው ውስጥ የሚደረግ ቅብብል አይቆጠርም። ከእረፍት በኋላ ጎል ስለሚቀየር ሲሶውም ይገለበጣል። ደቂቃውንና የአቀባዩን መለያ ቁጥር በወረቀት ይዤ፣ ሰኞ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ለየተጫዋቹ አስደምራለሁ።

ስምንት ቁጥር የእኔ መለያ ነበር። አሁን የሚለብሰው ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጣ፣ ከሰል ሲጭን የሚውል ግራኝ ወጣት ነው። በሁለት ተከላካዮች መሃል ኳስ ሲያሾልክ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሳል። ለእኔ የተነሳ ሰው ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ያቀበለው ኳስ የተከላካይ እግር ነካክቶ አጥቂያችን ጋ ደረሰ። አንድ ነበር፤ ዜሮ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ የደረሱ ኳሶቹን ዜሮ ለማድረግ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት።

ከአራት ጨዋታ በኋላ መምህሩ ሰንጠረዡን አይተው፣ ስምንት ቁጥር ከሚያደርሰው የሚያስቆርጠው ይበልጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩ የሚለው እንደዚያ ነው አልኳቸው።

ከዳንግላ ልጆች ጋር ስንጫወት ተቀያሪ አደረጉት። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወረቀቴን ሲያይ ቆየና፣ “የማበላሸው የት ላይ ነው? ንገረኝና ላርመው” አለኝ።

ፊቱን ማየት አቃተኝ። እስከ እረፍት ድረስ አራት ኳስ ብቻ ነበር የደረሰልን። ተነስቼ መምህሩ ዘንድ ሄድኩና የእሱን ቁጥር ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። “ለእሱ ንገረው፤ ከእረፍት በኋላ ይገባል” አሉኝ።

ነገርኩት። የጫማውን ክር አስሮ እስኪጨርስ ቀና አላለም። “መለያውን ፈልገኸው ከሆነ ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር” ብሎ ወደ ሜዳ ገባ።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ከእረፍት በኋላ ግን ዘጠኝ ኳስ ደረሰ፤ ስድስቱ የእሱ ናቸው። ስድስተኛው ዳር ተቀምጦ የሚያየውን ሁሉ አስነሳ። ቅናቴ ሳይለቀኝ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መምህሩ በሜዳው ማዶ ሌላ ቆጣሪ አስቀመጡ። ሰኞ ሰኞ ሁለቱን ወረቀት እናስተያያለን። በማንስማማበት ኳስ ላይ የእኔ ቃል አይጸናም።