መልካው ያልተሣለበት ካርታ

መምህርት አቻምየለሽ ፈተና ስታወጣ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላ አትጠይቅም። ዓመት መሸምደድ የበቀቀን ሥራ ነው ትላለች። የእሷ ጥያቄ ሥዕል አለው። ከላይ ካርታ፣ ከሥሩ የጊዜ መስመር፣ መስመሩ ላይ ባዶ ሣጥኖች። ከዚያ «የቱ ቀደመ?» ትላለች። ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ «በምን አወቅህ?» ትጨምራለች። ልጆቹ የሚፈሩት ይቺን ሁለተኛዋን ነው።

ደምበጫ ተወልዳ ያደገች፣ ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ እየተመላለሰች አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን የኅብረተሰብ ትምህርት የምታስተምር ሴት ናት። ካርታዎቿን በእጇ ትሥላለች። የሰሜን ቀስት የሌለው ካርታ ተማሪ ቢያመጣላት ሳታየው ትመልሰዋለች። የርቀት መስፈርቱንና የምልክቶቹን መፍቻ ከረሳማ ቁጭ ብሎ ምክሯን መስማት አለበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ «ቲቸር፣ ቀስቷን ብንቆርጣት አንድ ገጽ ላይ ይገባልን ነበር» ብሏት ለአንድ ወር ሌላ ቤት ሄዳለች።

አንድ ልማድ ደግሞ አላት። ከአራቱ ምርጫዎች መጨረሻ ላይ ያለችው «መ» ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «በተሰጠው መረጃ ብቻ ማወቅ አይቻልም»። የምታስገባት ለማሳሳቻ ነው። ማስተማር ከጀመረች ወዲህ «መ» መልስ ሆና አታውቅም። ይህን ሰባተኛ ክፍል ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «መ»ን የሚያከብብ የለም፤ ከተስፋው በስተቀር። ተስፋው መስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ ነው። የጥያቄ ወረቀት ሲደርሰው ሳያነብ ከላይ እስከ ታች «መ» ብሎ ይጨርስና ውጭ ያሉትን ከብቶች ሲያይ ይቆያል።

የዘንድሮው የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ አቻምየለሽ ልዩ ነገር አሰበች። የሩቅ አገር ካርታ ከማምጣት የልጆቹን መንደር ለምን አልሥልም አለች። ሣለችው። ወንዙ በመካከል፣ ከወንዙ ወዲያ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ወዲህ ወፍጮ ቤቱና ትምህርት ቤቱ፣ ወንዙ ላይ ድልድዩ። ከሥሩ ሦስት ባዶ ሣጥኖች ያሉት የጊዜ መስመር። ከዚያ ሦስት መረጃ፦ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ተማሪዎች በድልድዩ ይሻገሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወፍጮው ይፈጭ ነበር፤ የወፍጮው ሞተር ከከተማ የመጣው በጭነት መኪና ነው። ከዚህ ወረቀት በመነሣት፣ ድልድዩ፣ ወፍጮውና ትምህርት ቤቱ በምን ቅደም ተከተል መጡ?

ትምህርት ቤቱ መጨረሻ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሞተሩ በመኪና ከመጣ ደግሞ መኪናው ወንዙን መሻገር አለበት፤ ለመሻገር ድልድይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ድልድይ፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤት። መልሱ «ሀ»። አቻምየለሽ በጥያቄዋ ኮራች።

ፈተናው ታረመ። ገነነ የሚባለው ጸጥተኛ ልጅ አንደኛ ወጣ። ያምሮት የወፍጮ ቤቱ ልጅ በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ሆነች። ያቺ አንድ ነጥብ የመንደሩ ካርታ ጥያቄ ነበረች። ገነነ «ሀ» ሲል ያምሮት «ለ» ብላለች፤ ወፍጮ ቀደመ ማለቷ ነው። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። አንደኛ የወጣ ልጅ በሕዝብ ፊት ስሙ ተጠርቶ አትላስ ይሸለማል።

ሐሙስ ጠዋት የያምሮት አባት አቶ ክንዱ መጡ። ዱቄት ቅንድባቸው ላይ እንዳለ ነው።

«እንደምን አደሩ መምህር፣ ሰላም ነዎት? ወፍጮዬን ከድልድዩ ኋላ አስቀመጡት አሉ።»

«ደህና አደሩ አቶ ክንዱ። እኔ አላስቀመጥሁትም፣ መረጃው ነው ያስቀመጠው።»

«ማነው እሱ መረጃው? ከየት መንደር ነው?»

መምህራን ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቃቸውን ዋጡ።

«ሞተሩ በመኪና መጣ አይደለም?» አለች አቻምየለሽ።

«በመኪና ነው። አባቴ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብለው።»

«መኪናው ታዲያ ወንዙን በምን ተሻገረ? ዘሎ?»

«በመልካው ነዋ፣ ውኃው ሳስቶ በሚያሻግርበት!»

«የት ያለ መልካ? በየቀኑ በድልድዩ አልፋለሁ። ታቹ ገደል ነው። እንኳን መኪና ፍየል አይወርድበትም።»

«ከድልድይ ላይ ሆኖ ወንዝ አየሁ ይባላል እንዴ መምህር?» አሉ ክንዱ። «ነገ ይምጡና አሳይዎታለሁ።»

ክንዱ ሲወጡ ርዕሰ መምህሩ አቶ ይታገሱ ጠጋ አሏት። ሰላም የሚወዱ ሰው ናቸው። «እኅቴ፣ ጥያቄዋን ሰርዣትና እንገላገል። ወይ ለልጅቱ ነጥቧን ጣል አድርጊላት። ቅዳሜ እኮ ነው።»

«አባት በተቆጣ ቁጥር ነጥብ ከጣልሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ አባት በር ላይ ይሰለፋል።»

«ተሳስተሽ ከሆነስ?»

«ከተሳሳትሁ አርማለሁ። መጀመሪያ ግን ልየው።»

ይህን ስትል የማትሳሳት መስሏት ነበር።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ክንዱ ቀድመው፣ እሷ ተከትላ ከድልድዩ ቁልቁል በባሕር ዛፉ ውስጥ ወረዱ። ያምሮትም ከኋላ ነበረች፤ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ወንዙ ከድልድዩ ሥር በጠባብ አለት መካከል እየጮኸ ያልፍና ይታጠፋል። እጥፋቱን ሲያልፉ አቻምየለሽ ቆመች። ወንዙ እዚህ ሌላ ወንዝ ነው። ሰፍቶ፣ ጠጠር ላይ ተዘርግቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። በዚህኛው ዳርቻ ሁለት ቦይ የመሰለ የጎማ መንገድ ሣር በቅሎበት ወደ ውኃው ይገባል። በወዲያኛው ዳርቻም እንዲሁ ይወጣል።

ድልድይ የሚሠራ ሰው ጠባቡን ቦታ ይመርጣል። ድልድይ የሌለው ሰፊውን። እሷ ራሷ ይህን ስድስተኛ ክፍል ብታስተምር ታስተምረው ነበር። ካርታዋ ላይ ግን ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ወርድ ሥላዋለች።

ዳርቻው ላይ ሽንኩርት የሚኮተኩቱ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ።

«አያ ሀይሉ፣ መምህርቷ ናት» አሏቸው ክንዱ።

«እሰይ፣ ነይ ልጄ። ምን ጠፋሽ እዚህ?»

«መልካ ነው የጠፋኝ አያ ሀይሉ» አለች። «መኪና በዚህ ይሻገር ነበር?»

«በበጋ እንዴታ! ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና ነበር፣ ጎማው የኔን ደረት ያህላል። ክረምት ሲገባ ግን እንኳን እሱ እኛም ማዶ ለማዶ ተያይተን ነው የምንከርም።»

«የወፍጮው ሞተርስ?»

«በዚሁ ነው የመጣ። ውኃው መካከል ቆሞብን እኛ ጎረምሶቹ ገፋን። የዚህ አባት ጋቢናው ውስጥ ሆነው ‹ግፉ! ግፉ!› ይላሉ። አንድም ቀን ወርደው አልገፉም።»

«ኧረ አያ ሀይሉ!» አሉ ክንዱ።

«ምነው፣ ዋሸሁ? ኋላ ድልድዩ ሲሠራ ድንጋይ ተሸካሚ ነበርሁ። የምንበላው ዱቄት ከዚያው ወፍጮ ነበር። አሸዋ ነበረበት፣ የወፍጮው ድንጋይ አዲስ ነበር መሰል።»

ክንዱ ወደ አቻምየለሽ ዞሩ። የዱቄቱን አሸዋ እንኳ ረስተውታል። «ሰሙ መምህር? ግንበኞቹ የበሉት የኛን ዱቄት ነው። ወፍጮው ቀደመ! ልጄ ልክ ናት!»

አቻምየለሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የጥያቄ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ሦስቱን መረጃ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበች። ድልድይ ከትምህርት ቤት በፊት። ወፍጮ ከትምህርት ቤት በፊት። ሞተሩ በመኪና። መኪና በድልድዩም በመልካውም ይሻገራል። ታዲያ ከሁለቱ የቱ ቀደመ?

«ያምሮት» አለች፣ «አንቺ ‹ለ› ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?»

ልጅቱ አባቷን አየች፣ ከዚያ መሬት አየች። «አባቴ ነግሮኝ ነው ቲቸር።»

«ወረቀቱ ላይ አላገኘሽውም?»

«ወረቀቱ ላይማ የለም።»

«አቶ ክንዱ፣ ልጅዎ የጻፈችው እውነት ነው። እርስዎም ልክ ነዎት። ነገር ግን ጥያቄው ‹ከዚህ ወረቀት› ነው የሚለው። አያ ሀይሉ ወረቀቱ ላይ የሉም። ዱቄቱም የለም። የቡሬ ልጅ ይህን ካርታ ቢያይ በምን ያውቃል?»

«ታዲያ ገነነስ ከወረቀቱ ነው ያወቀ?»

«ገነነም አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። መኪና ስል ድልድይ ብቻ ታየኝ።»

ክንዱ አገጫቸውን አከኩ። «እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው?»

አቻምየለሽ ወረቀቱን አጠፈችው። ሳቅ እየመጣባት ነበር፤ ያገደችው የመምህርነት ወግ ነው።

«‹መ›» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ሰባተኛ ክፍል ገባች። ወንዙን በሰሌዳው ላይ እንደገና ሣለችው፤ ድልድዩ ጋ ጠባብ፣ እጥፋቱ ጋ ሰፊ። «የጥያቄው መልስ ‹መ› ነው» አለች። «ስሕተቱ የእኔ ነው። ‹ሀ› ያላችሁ አንድ አንድ ነጥብ ይቀነስባችኋል።» ክፍሉ ተንጫጫ። ገነነ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ‹መ› እኮ መልስ ሆና አታውቅም።»

«እሱም የተሰጠህ መረጃ አልነበረም» አለችው።

ገነነ አንድ ነጥብ አጣ። ያምሮት የምታጣው አልነበራትም፣ የምታገኘውም አልነበራትም። ሁለቱ እኩል ሆኑ። አቶ ይታገሱ በድምፅ ማጉያው «እኩል አንደኛ» ብለው ሲጠሩ ክንዱ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለጎረቤት የተናገሩት «እኩል» የሚለውን ትተው ነው። አትላሱ አንድ ነው፤ ክረምቱን መጀመሪያ ያምሮት ወሰደችው። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ገነነ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሊቀበላት ተስማሙ፤ መሻገሪያው በድልድዩ እንዲሆን ክንዱ አስጠነቀቁ።

ከመላው ክፍል ያንን ነጥብ ያገኘ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል ሳትወጣ አቻምየለሽ ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ጥግ ሄደች።

«ተስፋው፣ ይቺን አንተ ብቻ አገኘሃት። በምን አወቅህ?»

ተስፋው ከውጭ ከብቶቹ ላይ ዓይኑን መለሰና ትንሽ አሰበ።

«ማወቅ አይቻልም ቲቸር» አላት።