መቃብር ለሌላቸው የቀዳሁት ጸሎት

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። እንግዳ ሲጠፋ ሥራዬም ጠፋ፤ የቀረኝ ድምፄ ብቻ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መንፈሳዊ ንባብ እየቀዳ በስልክና በሚሞሪ ካርድ የሚያሰራጭ አንድ ጓደኛዬ ነበር፤ እሱ ነው «ና፣ አንብብልኝ» ያለኝ። ከሱ ጋር ሁለት ዓመት ሠራሁ። የምጽፈው ከዚያ ሥራ ውስጥ ስለ አንዱ፣ ከወንድሜ ሞት ጋር ስለተገናኘው ነው።

መቅጃ ክፍላችን ከጓደኛዬ አክስት ግቢ ኋላ ያለች ጭቃ ቤት ነበረች። ግድግዳዋን በብርድ ልብስና በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ሸፍነነዋል፤ ያለዚያ ድምፅ ከግድግዳ እየተመለሰ ያስተጋባል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሥራ የለም። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲከፈትም ሥራ የለም። ዶሮ ሲጮህ፣ አህያ ሲያናፋ ቆመን እንጠብቃለን።

የንባቡን ነገር ያስተማሩኝ የቤተሰባችን የነፍስ አባት ናቸው። የሚቀዳውን ጽሑፍ የሚመረምሩትም እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ የሰሙኝ ቀን «ልጄ፣ ማንን ነው የምታስጎበኘው?» አሉኝ። እንደ ድሮ ሥራዬ ቶሎ ቶሎ እያልኩ፣ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ወደ ላይ እየወረወርኩ ነበር የማነበው።

«ጸሎት ለሰው አይነገርም» አሉኝ። «ሰውየው ከአንተ ጋር ሆኖ እንዲጸልይ ነው የምታነበው። ልመናውን ካነበብክ በኋላ ዝም በል፤ እሱ በልቡ እንዲደግመው። አንተ ከቸኮልክ እሱ ሰሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል።»

ዝምታው ስንት እንደሚሆን በቁጥር አልነገሩኝም። ያነበብኩትን በልቤ አንድ ጊዜ ደግሜ፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ተንፍሼ እንድቀጥል ብቻ ነገሩኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን እንድቀመጥ አደረገኝ። «ጸሎት»፣ «ጴጥሮስ»፣ «ጰራቅሊጦስ» ስል ፊደሎቹ ማይኩ ላይ ይፈነዱ ነበርና።

ባለፉት ዓመታት ከላስታ ብዙ ወጣት ባሕር ሊሻገር ወጥቷል። ከብልባላ ሄደዋል፣ ከኩልመስክ ሄደዋል። በረሃ ላይ የቀረ አለ፣ ባሕር የበላው አለ። ወሬው በስልክ ይመጣል፤ ሬሳ አይመጣም። እናቶች «እርሜን አላወጣሁም» እያሉ ንስሐ አባቶቻቸውን ያስጨንቁ ነበር። ስለዚህ አባ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን የማጽናኛ ጸሎት በአማርኛ ጻፉ። ሦስት ክፍል ነበረው፤ አንደኛው ስለ ሟቾቹ፣ ሁለተኛው ስለ ወላጆች፣ ሦስተኛው ስለ ምሕረት።

እኔም የሄደ ወንድም ነበረኝ፤ ታናሼ። እናታችን ብልባላ ናት። ከወጣ በኋላ ሁለቴ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ስልክ የሚዘጋው በብዙ ምክንያት ነው እያልኩ እኖር ነበር።

የቀዳነው በፍልሰታ ጾም ነው። ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ቅዳሴ እስኪገባ ባለው ሰዓት፣ ሰማዩ ሳይከብድ። የጾመኛ አፍ ይደርቃል፤ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ ማይክ ይሰማዋል። ጓደኛዬ በጆሮ ማዳመጫው እየሰማ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ውሃ ልጠጣ እንደማልችል ስለሚያውቅ ግን ምንም አይልም፤ የምላሴን ድምፅ በኋላ በኮምፒዩተር እየለቀመ ያወጣዋል።

የመጀመሪያውን ክፍል በአንድ ጠዋት ጨረስነው። ለሁለተኛው ስንገናኝ አባ ዘግይተው መጡ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ትንሽ አቆዩት።

«ዛሬ ቢቀርስ?» አሉ።

«ለምን አባ? ሰማዩ ጥሩ ነው» አለ ጓደኛዬ።

አባ እኔን አዩኝ። «አንተስ?»

«ዝግጁ ነኝ» አልኳቸው።

ጥግ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማንበብ ጀመርኩ። «አቤቱ፣ የልጃቸውን መቃብር ላላዩ እናቶች አንተ ዐፈሩን ታውቀዋለህ» የሚል አረፍተ ነገር ነበረ። አንብቤ ዝም አልኩ፤ በልቤ ደገምኩ፤ ተነፈስኩ። ልቀጥል ስል አባ እጃቸውን አነሡ። ቆየሁ። እጃቸው አልወረደም። ጓደኛዬ ዞሮ አያቸው፤ ዝምታው ከመጠን በላይ ረዝሞበታል። በመጨረሻ እጃቸው ወረደና ቀጠልኩ። በየልመናው እንዲሁ አደረጉ።

አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነበር። ስጨርስ ጓደኛዬ «ይቺን እንተዋት፣ ልብ ትነካለች» አለ።

አባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። አንባቢው ካለቀሰ ሰሚው ጸሎቱን ትቶ ለእሱ ያዝናል። ድምፅህን ዝቅ አድርገው እንጂ አታስለቅሰው። ድገመው ልጄ።»

ደገምኩት። በእርጋታ ነበር ያነበብኩት፤ እስካሁን ከቀዳሁት ሁሉ የተረጋጋው እሱ ነው። ስንጨርስ ጓደኛዬ እንደልማዱ ሁላችንም ሳንንቀሳቀስ የክፍሉን ዝምታ ብቻ ቀዳ። ባዶ የሚመስለው ክፍል የራሱ ድምፅ አለው፤ በኋላ ዕረፍት ማስረዘም ሲያስፈልግ እሱ ይቀጠላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ስንወጣ «እናትህን ልጠይቅ ብልባላ እወርዳለሁ፤ አብረኸኝ ና» አሉኝ። ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። በመኪና ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ አዝመራው ጠየቁኝ፤ ጤፉ እንዴት ከረመ፣ ገብሱስ አሉኝ። እሳቸው ከመንደሩ ቄስ ቤት አደሩ፤ እኔ ከእናቴ ጋር።

ጎህ ሲቀድ የበር ላይ ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ግቢው ሰው ሞልቷል። አባ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ቆመዋል፤ ጎረቤቶቻችን ከኋላቸው። እናቴ ከኋላዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና አየቻቸው።

«ልጄ ነው?» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት አባ።

ባሕሩ ጋ ሳይደርስ በረሃው ላይ ነው የሞተው። አብሮት የነበረ የሰፈራችን ልጅ ለአባ ደውሎ ነበር። ውሃ አልቆባቸው እንደነበር፣ እዚያው በድንጋይ ሸፍነውት እንደሄዱ፣ ቦታውን ግን ተመልሶ ቢሄድ እንደማያውቀው ነግሯቸዋል። ሴቶቹ ጮኹ። እናቴ አልጮኸችም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን በዐፈሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ታመላልስ ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ወደ ላሊበላ ስንመለስ መኪናው ውስጥ አባን ጠየቅኋቸው።

«ሳነብ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሌሊቱን ነው የተደወለልኝ።»

«ታዲያ ለምን አስነበቡኝ?»

«መርዶ ለብቻ አይነገርም» አሉ። «እናትህ ሳትሰማ አንተን ብነግርህ አንድ ቀን ሙሉ ብቻህን ትሸከመው ነበር፤ ወይም ሮጠህ ሄደህ አንተው ታረዳት ነበር። ቢቀርስ አልኩህ። ዝግጁ ነኝ አልከኝ። ከዚያ በላይ ብል ፊቴን ታነበው ነበር።»

«ድምፄ ሲሰበር ድገመው አልከኝ።»

ከሐዘኔ ብዛት አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸው አልተቆጡም። «አዎ፣ ብዬሃለሁ» ብቻ አሉ። ያደረጉት እንደ ወጉ ልክ እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር፤ ሆኖም ለብዙ ጊዜ መስቀላቸውን ስሳለም ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ሦስተኛውን ክፍል የቀዳነው ከአርባው በኋላ ነው። ዝናቡ አብቅቷል፤ ጾሙም አልፏል። ውሃ ጠጥቼ፣ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው ወደ ጎን ብዬ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ድምፁ እንዲገጥም ብሎ አስቀድሞ ሁለተኛውን ክፍል በጆሮ ማዳመጫ አሰማኝ። ያንን ሰውዬ ሰማሁት። ልመናውን ያነባል፣ ዝም ይላል፣ ይቀጥላል። ምንም አያውቅም።

ሳነብ ድምፄ ወፍራምና ዝቅ ያለ ሆነ። አላለቀስኩም፤ ግን በየልመናው መካከል የምቀጥልበት ቃል ይጠፋኝ ነበር። ደግመን ደጋግመን ሞከርን። ጓደኛዬ ስክሪኑን እያሳየኝ «አየህ፣ ይኼ ሁሉ ባዶ ነው። ሁለተኛው ላይ እንዳደረግኩት ልቁረጠው?» አለኝ።

«ከቆረጥከው ሰሚው መቼ ይጸልያል?» አልኩት።

አባ ተጠየቁ። ከሦስተኛው ላይ ምንም እንዳይቆረጥ፣ ይልቁንስ የፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ላይ ዕረፍቱ እንዲጨመር አሉ። ጓደኛዬም ሁለተኛውን ክፍል ባነበብኩ ቀን የቀዳውን የክፍሉን ዝምታ እየቆራረጠ በየልመናው መካከል ቀጠለው። ድምፆቹ ግን አልገጠሙም። የሰማ ሁሉ ሁለት ሰው ነው ያነበበው ይላል። እንደዚያው ተሰራጨ። ከኩልመስክ የመጣች አንዲት እናት ሚሞሪዋን ልታስሞላ መጥታ፣ ማንነቴን ሳታውቅ «የኋለኛው አንባቢ ደክሞታል መሰለኝ፤ እኔም ስለደከመኝ ከእሱ ጋር ይመቸኛል» ብላለች።

ለእናቴም ያለቀውን ይዤላት ሄድኩ። በስልኳ ላይ ጓደኛዬ በለቅሶው ሰሞን የጫነላት የቀድሞዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ገና ያልተስተካከሉት፣ ነበሩ። ልቀይርላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«አትንካው።»

«እማ፣ ይኼ እኮ ሙሉው ነው። ዕረፍቱም ረዘም ያለ ነው፤ ለመድገም ይመቻል።»

«አይ» አለች። «በዚህኛው ስታነብ አንተ ዘንድ ወንድምህ አልሞተም። ድምፅህ ላይ አለ። አዲሱ ላይ የለም።»

አልተከራከርኳትም። ጠዋት ጠዋት እዚያችው በር ላይ ተቀምጣ ትከፍተዋለች። ልመናው ሲያልቅና እኔ ዝም ስል ጸሎቱን አትደግምም፤ ወንድሜን በሕፃንነቱ በምትጠራበት ስም ትጠራዋለች። ዝምታው ለአንድ ጥሪ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ድምፄ ይመጣባታል። ታቆመውና ትጠብቃለች፤ ደግሞ ትጠራዋለች፤ ከዚያ መልሳ ታስኬደዋለች።

ብልባላ ባደርኩ ቁጥር ያን ሰዓት ወደ ማሳው እወርዳለሁ። ንባቡን አልተውኩም፤ ለሌላ ሰው ለቅሶም ለበዓልም አነባለሁ፤ ጥሩ አንባቢ ነው ይሉኛል። እናቴ ግን እርሟን ገና አላወጣችም።