ዘጠና ቀን፣ አራት ዲግሪ

በዚያ ሆስፒታል የኦዲት ክፍል ውስጥ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ መቀስ ይላታል። ሥራዋ ይኸው ነዋ! ኦዲተሮቹ ሦስት ወር ሙሉ ቆፍረው መቶ ሰማንያ ስድስት ገጽ ያመጣሉ፣ እሷ ደግሞ ዳይሬክተሯ የምታነባትን አንድ ገጽ ታወጣላታለች። ግኝቱ፣ ስጋቱ፣ መወሰድ ያለበት እርምጃ፤ በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆርጥ ኖራለች፣ እጇም አልዛለም።

የሚገርመው ቤቷ ስትገባ ነው። ይህችው ሴት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ስለ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ አንድ ሰዓት ታወራለች። ባሏ ወሬው ሲጀመር ጫማውን ማውለቅ ጀምሮ፣ አንዱን እግር በእጁ እንደያዘ የቀረበት ቀን አለ። የሚሰሟት እናቷ ናቸው። እናቷ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ከግድግዳ ጀርባ ይሰማል። ልጃቸው ገና በሩን ስትከፍት፣ "የሞተ ሰው አለ?" ይላሉ። የለም ስትላቸው፣ "የታመመስ? የተባረረስ?" እሱም ከሌለ ትራሳቸውን አደላድለው፣ "እንግዲያው በዝርዝር" ይላሉ። መቀስ ሙያዋን የተማረችው ከየትም ሳይሆን ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ቢሮ ውስጥ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ዋና ኦዲተሩ የታሰረ ሪፖርት ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አደረገው። ወጣት ነው፣ ሥራ አዋቂ ነው፣ ትንሽ ደግሞ ኩራት ቢጤ ይነካካዋል።

"እትዬ፣ የመድኃኒት አያያዝ ኦዲቱ ነው። ሃያ ሦስት ግኝት አለው። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፣ ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ እስከ አዳራሹ ስትወርድ ነው የምታነበው።"

"ደረጃው ስንት ነው?"

"የምኑ?"

"ከቢሮዋ እስከ አዳራሹ ያለው ነዋ፣ አለቃ። አርባ ሁለት ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

ቀልዷን አልነበረም። ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ ሁሉንም ግኝት አንድ ገጽ ላይ ለማጨቅ ፊደሉን እያሳነሰ እያሳነሰ ሄዶ፣ የቀድሞው ዳይሬክተር ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ "ይሄ ጽሑፍ ነው ጉንዳን?" ብሎታል። መቀስ ፊደል አታሳንስም። የማይሆነውን ታወጣለች እንጂ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግኝቶቹን በስጋታቸው ልክ ደረደረቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። "በዋናው መጋዘን የቅዝቃዜ ክፍል፣ ከዘጠናው ቀን የአርባ አንዱ ሙቀት አልተመዘገበም። ምክንያቱ የኃላፊው ቸልተኝነት ነው። በዲሲፕሊን እንዲጠየቅ።" የመጋዘን ኃላፊው ማለት ካፖርት ነው። ያንን ከባድ ካፖርቱን ለብሶ ከቅዝቃዜ ክፍሉ እየወጣ ምሳውን ፀሐይ ላይ የሚበላ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር የሚስቅ ሽማግሌ። ጡረታው ሊደርስ አሥር ወር ቀርቶታል። ከዚህ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ስላለበት፣ በዲሲፕሊን ከተጠየቀ መሰናበቱ ነው።

ሰውየውን ትወደዋለች። ይሁን እንጂ ሰው ስለወደደች ግኝት አትደብቅም። በሁለትና በስምንት ዲግሪ መካከል መቀመጥ ያለበት ክትባት ሙቀቱ ካልታወቀ ጨዋታ አይደለም። ጻፈችው።

አንድ ልማድ ግን አላት፤ ከገጹ ግርጌ አንዲት የምሥራች መስመር ታስቀምጣለች፣ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እንዳይመስል። ሪፖርቱ ራሱ የምሥራች አዘጋጅቶላታል። "የክትባት ክፍሉ የሙቀት መዝገብ ያለ አንዳች ክፍተት የተሟላ ነው፤ ለሌሎችም አርአያ ነው።" ጥሩ። ቁጥር ልትጠቅስ ብላ ከኋላ ያለውን አባሪ ገለጠች። ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ማታ አራት ዲግሪ። በማግስቱ አራት፣ አራት። ዘጠና ቀን ሙሉ አራት። ሰማይ ቢደፋ አራት።

መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች። እሷ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ እንኳ በሩ ሲከፈት ይሞቃል። ይህ ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ ነው ወገን? ከዚያ የጥገናውን ሰንጠረዥ ፈለገች፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አገኘችው። ያ ማቀዝቀዣ በሁለተኛው ወር፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ቀን ላይ ተነቅሎ ጥገና ክፍል ነበር። መዝገቡ ላይ የዚያ ሁለት ቀን ሙቀት? አራት፣ አራት።

አሁንማ ማን ሊያቆማት! አባሪውን ሁሉ አገላበጠች። ገጽ መቶ ስልሳ ስምንት ላይ ሦስት ደብዳቤ አለ፣ ሦስቱም በካፖርት እጅ የተጻፉ። "የቅዝቃዜ ክፍሉ ቴርሞሜትር ተሰብሯል፣ ይገዛልኝ። እስኪገዛ ድረስ ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም።" ለግዥ ክፍል፣ በግልባጭ ለዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት። የገቢ ማህተም አለው። መቀስ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ያልዋሸው ሰውዬ ሊባረር፣ የዋሸው መዝገብ ሊመሰገን ነው።

ችግሩ፣ የእሷ ገጽ ሪፖርቱ ያላለውን ማለት አይችልም። አንድ ገጽ የሚታመነው ከኋላው ያለው መቶ ሰማንያ ስድስት ገጽ ሲደግፈው ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሪፖርቱን ታቅፋ ዋና ኦዲተሩ ቢሮ ገባች። አልተቀመጠችም። ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘረጋችለት።

"አለቃ፣ እስቲ እነዚህን እያቸው። እኔ ምንም አልልም።"

አየ። ፊቱ ጠቆረ። "ሪፖርቱ ተፈርሟል እትዬ። ታስሯል።"

"ይፈታ ነዋ። የታሰረ መች ሳይፈታ ቀርቶ ያውቃል።"

አልሳቀም። ገጾቹን ደግሞ አገላበጠ። ከዚያ ግን፣ ይህን ልመስክርለት፣ ኩራቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ። መጀመሪያ ስልክ አነሳና ለመጋዘኑም ለክትባት ክፍሉም፣ ያለው ክትባት እዚያው በቅዝቃዜው ተለይቶ ይቀመጥ፣ እስኪጣራ ለማንም አይሰጥ አለ። እንዲህ ያለው ነገር ሐሙስን አይጠብቅማ። ቀጥሎ ራሱ ጥገና ክፍል ወርዶ የርክክብ ሰነዱን አየ። ከሰዓት በኋላ የእርማት ማስታወሻ ጽፎና ፈርሞ ሰጣት። "ምክንያቱን ሳናጣራ ፍርድ ጽፈናል" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ገጹን በወጉ የጻፈችው ያኔ ነው። እናቷ ከበሩ ላይ እንደሚጠይቋት አድርጋ ጻፈችው። ማን ተጎዳ፣ ማን ምን ያድርግ፣ እስከ መቼ። ከላይ፣ "ዛሬ የሚወሰኑ ሦስት ነገሮች" አለች። የታገደው ክትባት በፋርማሲ ባለሙያዎች ተመርምሮ ውጤቱ እስከ ነገ ይቅረብ። ለቅዝቃዜ ክፍሉ ቴርሞሜትር በዚህ ሳምንት ይገዛ፣ ተጠያቂው የግዥ ኃላፊ። በመጋዘን ኃላፊው ላይ የቀረበው የዲሲፕሊን ሐሳብ ይነሳ። ከሥሩ ምክንያቱን በሁለት መስመር አስቀመጠች፦ "ባዶ የተተወው መዝገብ ባዶ የሆነው መለኪያ ስላልነበረ ነው። የተሟላው መዝገብ ግን ማቀዝቀዣው ባልነበረበት ቀንም ተሞልቷል።" ሦስቱ ደብዳቤዎች ለግዥ ክፍል፣ በግልባጭ ለዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት መድረሳቸውንም ጠቀሰች። የቀሩትን ግኝቶች በየወገናቸው ሰብስባ፣ የሪፖርቱን ገጽ ቁጥር አጠገባቸው አደረገች።

ዋና ኦዲተሩ አንብቦ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "በግልባጭ ለዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት የሚለው... ይቅር ይሆን? ቦታም ይቆጥባል።"

"አለቃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቆርጫለሁ። ይህችን ግን አልቆርጥም።"

ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ይዛ ከቢሮዋ ወጣች። መቀስና ዋና ኦዲተሩ ከኋላ ተከተሏት። ለስብሰባው የተጠራው ካፖርት አዳራሹ በር ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ካፖርቱን ለብሶ። ዳይሬክተሯ እያነበበች ወረደች፣ አሥር ደረጃ፣ ሃያ ደረጃ። ከዚያ መሀል ላይ ቀጥ አለች። መቀስ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ዳይሬክተር ደረጃ ላይ ሲቆም አይታ አታውቅም።

"በግልባጭ ለእኔ?" አለች ዳይሬክተሯ።

"ሦስት ጊዜ" አለች መቀስ። "ማህተሙ ገጽ መቶ ስልሳ ስምንት ላይ ነው፣ እመቤቴ።"

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን አየች፣ ወደ ታች ካፖርቱን የለበሰውን ሽማግሌ አየች፣ ከዚያ በራሷ ሳቀች። የቀሩትን ደረጃዎች በፍጥነት ወርዳ እጁን ጨበጠችው።

"ይቅርታ አባባ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ዘግይቶ ቢሆንም።"

ስብሰባው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሦስቱም ተወሰኑ። አራተኛ ደግሞ ዳይሬክተሯ ራሷ ጨመረች፤ ለጽሕፈት ቤቷ የሚደርስ ደብዳቤ ሁሉ በሳምንት ውስጥ መልስ ያግኝ። ዓርብ ከሰዓት የምርመራው ውጤት መጣ። የክትባት ክፍሉ ነርስ በእነዚያ ሁለት ቀናት ክትባቱን የእናቶች ክፍል ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣው ነበር፣ የዚያ ክፍል መዝገብም እውነተኛ ነው። የሁለቱም ክፍል ብልቃጥ ተመርምሮ ደህና ተገኘ። አንድም ልጅ አልተጎዳም። አራት አራት ሲል የከረመው የክትባት ክፍሉ መዝገብ ጸሐፊ ወር ሙሉ ካፖርት ዘንድ ልምምድ ተመደበ፣ ማንበብና መጻፍ ዳግም ሊማር።

ማምሻውን ካፖርት የመቀስን ጠረጴዛ አንኳኳ። አዲሱ ቴርሞሜትር ተገጥሟል። የመጀመሪያውን መዝገብ ዘረጋላት። ሦስት ነጥብ ስምንት። አምስት ነጥብ አንድ። አንዱ ቦታ ላይ፣ "በሩ ተከፍቶ ስለቆየ፣ ስድስት ነጥብ አራት" የሚል።

"ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ያልቻልኩትን" አለ፣ "አንቺ በአንድ ገጽ ጨረስሽው።" ሁለቱም ቁጥሮቹን እያዩ ሳቁ፣ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ቤቷ በሩን ስትከፍት እናቷ ቀድመው ጠበቋት።

"የሞተ ሰው አለ?"

"የለም እማዬ።"

"የታመመ?"

"የለም።"

"የተባረረስ?"

መቀስ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ወንበር ሳበች። ባሏ አንድ ጫማ አውልቆ ሁለተኛውን ሊፈታ ሲል ተወውና እሱም ተቀመጠ።

"ማንም አልተባረረም እማዬ" አለች።

"እንግዲያውስ ልጄ" አሉ እናቷ ትራሳቸውን እያደላደሉ፣ "እንዳታሳጥሪው።"